እምቢ የምትልበትን በር ክፈቺላት

«ከ4 ዓመት በፊት አብራኝ የሠራች ልጅ አሁን እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ፋይናንስ ክፍል ናት። ድርጅቱ የሂሳብ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ስሜን እንድታነሳልኝ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ግን ከተለያየን ወዲህ ለበዓል እንኳን ደውዬላት አላውቅም። ሳላስጨንቃት እንዴት ልጠይቃት?»

እህቴ፣ በስልክ አትጠይቂያት። በአካልም አይሁን። ጻፊላት።

ይህን የምለው በራሴ ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት ጣና ዳር አንድ ዓሣ ቤት ተቀምጠን፣ ሦስት የጋራ ጓደኞቻችን እየሰሙ፣ የድሮ ባልደረባዬን «እናንተ ጋ ቦታ ተከፍቷል አሉ፣ አስገባኝ እንጂ» አልኩት። «እሺ፣ ችግር የለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት ስልኬን አላነሳም። ቆይቼ እንደሰማሁት ለዚያው ቦታ ሌላ ሰው አስቀድሞ ጠቁሞ ነበር። ይህን ሰው ፊት ሊነግረኝ አልቻለም። «እሺ» ያሰኘው ይሉኝታ ነው። እዚያ ጥግ ያስያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የአንቺ ባልደረባም አንቺ የማታውቂው ምክንያት ሊኖራት ይችላል። ምናልባት ራሷ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ወቅት የሰው ስም ይዞ አለቃ ቢሮ መግባት ይከብዳል። ምናልባት ከቅጥር ክፍሉ ሰው ጋር አይስማሙም። ምናልባትም ሥራሽን በደንብ አታስታውሰውም። አንዱንም ፊት ለፊት ልትነግርሽ አትችልም። ስለዚህ ምክንያት ሳትናገር እምቢ የምትልበት መንገድ በመልእክትሽ ውስጥ መኖር አለበት።

ሌላም ነገር አለ። እኛ አገር «ስሜን አንሺልኝ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ዋስትናን ነው። ገንዘብና ንብረት የሚነካ ሥራ ላይ ብዙ ቀጣሪዎች ዋስ ይጠይቃሉ። ዋስ የሆነ ሰው ገንዘብ ቢጎድል ተጠያቂ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ሌላ ነው፦ ለሰው ኃይል ክፍሉ «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ፣ አብረን ሠርተናል» እንድትልልሽ። ይህን ካልለየሽላት ደሞዟን የምታስይዝ መስሏት ትደነግጣለች።

ማስታወቂያ የሚቆየው ጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ስለሆነ ባየሽበት ቀን ጻፊላት። ማስታወቂያው ሰኞ ወጥቶ ዓርብ ይዘጋል እንበል። ሰኞ ማታ በቴሌግራም እንዲህ ትያታለሽ፦

«ሰላም፣ እንዴት ነሽ? ይህን ያህል መጥፋቴ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። ዛሬ የምጽፍልሽ ለሥራ ጉዳይ ነው። እናንተ ጋ የወጣውን የሂሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ አይቼ ላመለክት አስቤያለሁ። ሠራተኛ ሰው የሚጠቁምበት አሠራር ካላችሁና አንቺም ከተመቸሽ፣ አብረን ስንሠራ ያየሽውን ያህል ብቻ ብትናገሪልኝ ደስ ይለኛል። የዋስትና ጉዳይ አይደለም። ካልተመቸሽ ምክንያት መንገር አይጠበቅብሽም። መልስ ባትሰጪኝም ቅር አልሰኝም፤ ረቡዕ ማታ ድረስ ካልጻፍሽልኝ ሐሙስ ጠዋት በራሴ አመለክታለሁ።»

የመልእክቱ ቁልፍ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ዝምታዋን መልስ አድርገሽላታል። ቴሌግራም ማንበቧን ቢያሳይሽም አልተጨነቀችም፤ ምንም ሳትጽፍ ረቡዕ ካለፈ ነገሩ በሰላም አለቀ። አንቺም ማስታወቂያው አላመለጠሽም። ሐሙስ ያልኩትም በምክንያት ነው። አንዳንድ ድርጅት ጥቆማን የሚቀበለው አመልካቹ ራሱ ከማስገባቱ በፊት ከመጣ ብቻ ነው። ቀድመሽ ካስገባሽ ልትረዳሽ ብትፈልግ እንኳ ላትችል ትችላለች። ዓርብ ድረስ ከጠበቅሽ ደግሞ መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ጉድ ትሆኛለሽ።

«ጠፋሽ እኮ፣ ልጆች እንዴት ናቸው» ብለሽ ሦስት ቀን አዋርተሻት በአራተኛው ቀን ሥራውን አታንሺ። ሰው ይህን ያውቃል፤ የቀደመውም ሰላምታ ሁሉ ይረክሳል። ሲቪሽንም በመጀመሪያው መልእክት አታያይዢ። ፋይሉ እጇ ላይ ከደረሰ ነገሩ ያለቀ ይመስላታል፣ መመለስም ይከብዳታል። «ውለታሽን አልረሳም» የሚል ነገርም አትጻፊ፤ ንጹሑን ጥያቄ ጉቦ ያስመስለዋል።

ከሁሉ የከፋው በሰው መላክ ነው። በባሏ፣ በእናቷ ወይም በማኅበር በምታውቂው ሰው በኩል ካስነገርሽ ሽማግሌ እንደላክሽባት ቁጠሪው። ሽማግሌ ደግሞ እምቢ አይባልም።

«እሺ፣ ላኪልኝ» ካለችሽ ያኔ ሲቪሽንና የማስታወቂያውን ቁጥር ላኪ። ከሥር እንዳለ ልትገለብጠው የምትችል ሦስት አራት መስመር ጨምሪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጎበዝ» ብሎ ራሱን አወድሶ ይልካል። ያን ለመፈረም የምታፍር ሰው ትኖራለች። በዓይኗ ያየችውን ብቻ ጻፊ፦ «ከ4 ዓመት በፊት አብረን ሠርተናል። ፒችትሪ ላይ የምትመዘግበው እሷ ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ የመጋዘን ቆጠራ ላይ አብረን ነበርን፤ ቢን ካርዱና መዝገቡ ሳይገናኙ ሲቀሩ ልዩነቱን ያገኘችው እሷ ናት።» ይህ የሆነ ነገር ነው። አለቃዋ ቢጠይቃት ሳትዋሽ ትመልሳለች። «ጎበዝ ናት» የሚለውን ከፈለገች ራሷ ትጨምረው።

«እስኪ አያለሁ» ካለችሽ ወይም «ማስታወቂያው ላይ ባለው አመልክቺ» ካለችሽ፣ እምቢ ብላሻለች። በአማርኛችን እምቢታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» በያትና ዝጊው። ሳምንት ቆይተሽ «ምን ደረሰ?» አትበያት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የምጽፍልሽ ስለ ግል ድርጅት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ሰው አትጠይቂ እልሽ ነበር። እዚያ ቅጥሩ በውድድር ስለሆነ ስምሽን ማንሳቷ እሷንም አንቺንም ሊያስጠይቅ ይችላል። ጊዜውንም አስቢበት። የሂሳብ ሰው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ቀና ብሎ የሚያይበት ሰዓት የለውም። ማስታወቂያው ያኔ ከወጣ ዝምታዋን በክፉ አትተርጉሚው።

ከተማችን ትንሽ ናት። እሑድ ጊዮርጊስ ቅጽር ግቢ ወይም ማታ ሐይቁ ዳር ስትሄጂ ታገኚያታለሽ። ጽፈሽላት ሳትመልስ ቀርታ ብትገናኙ ቀድመሽ ሰላም በያት። ስለ ልጆቿ ጠይቂያት። ሥራውን ራሷ ካላነሳች አንቺ አታንሺው።