ደማቁን ፎቶ የመረጥነው ለምንድን ነው?

«ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ብላ እህቴ ሁለት የሰርግ ፎቶ ላከችልኝ። ለአልበሙ ሽፋን ነው።

እኔም ብዙ ሳላስብ «ደማቁ» አልኳት። ቤተሰቡም ደማቁን ነበር ያለው። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳየው ግን አፈርኩ።

ሁለቱም በሰከንዶች ልዩነት የተነሱ ናቸው፤ አንደኛው ብቻ ብርሃኑ በዝቷል። ቀሚሷን አጉልቼ አየሁት። በደማቁ ፎቶ የጨርቁ ሽመና የለም፣ ከጥለቱ በላይ ያለው ሁሉ ልሙጥ ነጭ ሆኗል። የፎቶ ማስተካከያው ላይ ቀስቱን ሳስጠጋ ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም 255 አሉኝ። በተለመደው የጄፔግ ፎቶ የእያንዳንዱ ቀለም የብርሃን ቁጥር ከ0 እስከ 255 ነው፤ ሦስቱም ጣሪያውን ከነኩ እዚያ ቦታ ላይ የቀረ ዝርዝር የለም። በኋላ ብታጨልመው ግራጫ ይሆናል እንጂ ክሩ አይመለስም። በሌላኛው ፎቶ ያው ቦታ 235 አካባቢ ነው፣ ክሩም ይቆጠራል። ይሄ የኔ ምርጫ አይደለም። ማንም ቢለካው ያው ነው።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ደማቁን መረጥን? ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ወደሚያበራው ስለሚሄድ ነው። ቴሌቪዥን ሻጮች ስክሪኑን እስከ ጥግ የሚያደምቁት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ደማቁን ትንሽ አጨልሜ ሁለቱን በብርሃን አስተካከልኳቸው፣ ስማቸውን «ሀ» እና «ለ» አልኩ፣ ለግማሹ ሰው ግራና ቀኙን አቀያይሬ ላክሁ። አሁን አብዛኛው ሰው ክሩ የሚታየውን መረጠ።

እህቴ ግን «በሁለቱም ፊቴ ጠማማ ነው» ብላ ድርቅ አለች። አልፈረድኩባትም። እሷ ፊቷን የምታውቀው በመስታወት ነው፤ ካሜራው ደግሞ እኛ እንደምናያት ነው የሚያነሳት። በ1977 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የሰዎችን ፊት ትክክለኛውንና እንደ መስታወት ግራና ቀኙ የተገለበጠውን አትመው ሲያሳዩ፣ ባለቤቶቹ በአብዛኛው የተገለበጠውን፣ ወዳጆቻቸው ደግሞ ትክክለኛውን ነበር የወደዱት። እኔም ገልብጬ ላክሁላት። «አሁን እኔን መሰልኩ!» አለች። ቀለበቱ ግን ወደ ሌላኛው እጇ ዞሮ ነበርና ተውነው።

እናታችን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከደማቁ አልተነቃነቀችም። ብትጠየቅ ምክንያቷ ከኋላ ቆማ ስትስቅ መታየቷ ነው። በዚህኛውስ ምን ቁጥር ይዘህ ትከራከራለህ? ፎቶ አንሺው ጋ ደውዬ የደማቁን ጥሬ ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ወደ ጄፔግ ሳይቀይር ያስቀመጠውን፣ ለመንኩት፤ ጥሬ ፋይል በደማቅ ቦታዎች ላይ ከጄፔግ ይልቅ የሚይዘው ዝርዝር ይበልጣል። ከቀሚሱ ግማሽ ያህሉ ሽመና ተመለሰ። እህቴ ትከሻ ላይ ያለው ግን ልሙጥ ነጭ እንደሆነ ቀረ፣ ሽፋኑም ያው ደማቁ ፎቶ ሆነ።