ሰፈር ሙሉ የሚያክም ጢስ

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ያባነነኝ ፍንዳታ ነው። ክፉ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ጋሼ ጓሮ ውስጥ ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት እያቃጠሉ ነበር።

እግዜር ይስጣቸው! ሌላው ሰው ካርድ አውጥቶ ይሰለፋል፤ እኛ መስኮት መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። የግፊት ክኒን፣ የተጋገረ ሽሮፕ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ መጥቶ «የውጭ ነው፣ ቀኑ አያልፍበትም» ተብሎ ስድስት ዓመት የተቀመጠ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይታዘዝልናል። ዕድሜ አይጠየቅም፣ ክብደት አይለካም። አራሷም ሕፃኑም እኩል ይወስዳሉ። የሰፈሩ ዶሮዎች እንኳ ግፊታቸው ሳይስተካከል አልቀረም። የፈነዳው የአስም ፓፍ ነው። ጣሳው ውስጥ የታመቀ ጋዝ ስላለ ያለቀ ቢመስልም እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ከእሳቱ አጠገብ ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። ለነገሩ ትዕይንቱም በነፃ ነው።

የክኒኑ ማሸጊያ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ፕላስቲክ ነው። በጓሮ እሳት ሲነድ ሳንባ የሚልጥ የአሲድ ጢስ ያወጣል፤ ዳይኦክሲን የሚባለው ካንሰር አምጪም አብሮት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ክኒን ለማቃጠል ሁለት ክፍል ያለውና ቢያንስ 850 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ይጠይቃል። ጋሼ በአንድ ካርቶንና በአንድ ክብሪት ይጨርሱታል።

ጢስ የማይወዱ ሥልጡኖችም አሉ። እነሱ ሽንት ቤት ከተው ውኃ ይለቁበታል። የፍሳሽ ማጣሪያ መድኃኒት እንዲያጣራ ተብሎ አልተሠራም፤ ስንቱ ቤት ደግሞ ማጣሪያውንም ሳያይ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። የጀመራችሁትን አሞክሳሲሊን «ተሻለኝ» ብላችሁ አቋርጣችሁ፣ የተረፈውን ለወንዙ ባክቴሪያ ታቀምሱታላችሁ። እሱም ይለምደዋል። ነገ የሰው ልጅ ታሞ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ሲባል ማን ነው የሚጠየቀው? እናንተማ እጃችሁን ታጥባችኋል!

አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን አንዳንድ ፋርማሲ ውስጥ የተረፈ መድኃኒት የሚጥሉበት ሣጥን አላቸው። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በሚያዝያና በጥቅምት ገደማ የመመለሻ ቀን አለ፤ ስም ሳይጠየቁ ጥለው ይሄዳሉ። እኛ ዘንድ የገዛችሁበትን ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ነው። ከራሱ ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ጋር እንዲወገድ የሚቀበል አለ፣ ፊቱን የሚያዞርም አለ። የሚቀበል ከጠፋ ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ፣ ሳይፈጩ ከቡና አተላ ጋር ለውሶ፣ በፌስታል አስሮ ከቆሻሻው ጋር መጣል ይሻላል። ልጅም ውሻም አይነካውም። መድኃኒት ቆፍሮ የሚሸጥም ቢሆን ይተወዋል። ፓፍና መርፌ ግን እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ እነሱን ይዞ ጤና ጣቢያ መጠየቅ ነው። አሜሪካኖቹ እንኳ አተላ ይመክራሉ፤ በቀን ሦስቴ የምናፈላው እኛ ክብሪት እንፈልጋለን።

ትናንት ጋሼ አንድ ፌስታል አንጠልጥለው ክብሪት ሊዋሱ መጡ። የለም አልኳቸው። ቡና ተፈልቷል፣ ይግቡ አልኩ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጡ። ጀበናው እስኪጠነፍፍ አልለቀቅኳቸውም።