በ«ምን ጎደለሽ» እና በ«ዛሬ ቅሪ» መካከል

«የ15 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል፤ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላም ‹ምንም አልሆንም አይደል?› እያለች ደጋግማ መልእክት ትልክልኛለች። ልቆጣት ወይስ ልተዋት?»

አገር ቤት ሳለሁ እንዲህ ላለው ነገር የምሰማው መልስ «ምን ጎደለሽና ነው?» የሚል ነበር። እዚህ ውጭ አገር የማያቸው ብዙ ወላጆች ደግሞ ልጁ ገና ሲጨነቅ የመቅሪያ ማስታወሻ ይጽፉለታል፣ በእሱ ፈንታ ከመምህሩ ጋር ይነጋገራሉ። ሁለቱም ከፍቅር የሚመነጩ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ጭንቀቱን አያስታግሱትም።

የሆድ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ሰውነት ሲሸበር አንጀትም ይታወካልና። ልጅቱ እቤት ስትቀር ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይለቃታል፤ እፎይታው ግን «ያዳነኝ መቅረቴ ነው» ብሎ ያስተምራትና በማግስቱ ይበረታባታል። ሕመሙ በዕረፍት ቀናት ከጠፋ ምክንያቱ ጭንቀት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ያም ሆኖ አስቀድሞ ሐኪም ይያት፤ የሚያስፈራራት ወይም የሚያንገላታት ሰው እንዳለም በእርጋታ ይጠይቋት፤ ካለ መወገድ ያለበት እሱ ነው።

የዬል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤሊ ሌቦዊትዝ ሥልጠናውን የሚሰጠው ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ከ7 እስከ 14 ዓመት በሆኑ 124 ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ወላጆቻቸው ብቻ የሠለጠኑላቸው ልጆች ራሳቸው ሕክምና ከወሰዱት ያላነሰ መሻሻል አሳይተዋል። ወላጁ የሚማረው ሁለት ነገር ነው፤ ስሜቱን ተቀብሎ በልጁ አቅም እንደሚያምን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገርና ጭንቀቱን የሚመግበውን የራሱን ድርጊት ቀስ በቀስ መቀነስ።

አንዲት ጎረቤቴ ይህንኑ ስትሞክር አይቻለሁ። በጠዋቱ ጥድፊያ ሳይሆን እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጇን አስቀምጣ፣ «በጣም እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ፤ ጭንቀቱ እያለም መዋል እንደምትችዪ አምናለሁ» አለቻት። ቀጥላም በዚያ ሳምንት በቀን ለ3 መልእክት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በምሳ ሰዓት ለአንድ ብቻ እንደምትመልስ ነገረቻት። ልጅቱን ምንም እንዳላዘዘቻት ልብ ይበሉ፤ የለወጠችው የራሷን ድርሻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ባሰ። በሁለተኛው ቀን 11 መልእክት ደረሳት፤ ልጅቱም ማታ «አትወጂኝም» ብላ አለቀሰች። ብዙ ወላጅ ተሸንፎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚማረው አጥብቆ መጨቅጨቅን ነው። እናትየው ግን ሳትቆጣም ሳትለማመጥም ያንኑ ዐረፍተ ነገር ደገመችላት።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ ወይም ልጅቱ ራሷን ስለመጉዳት ካነሳች፣ ይህን መንገድ ትተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ባለሙያ ይውሰዷት።

የጎረቤቴ ልጅ ዛሬም አንዳንድ ጠዋት ሆዷን ያማታል። ሆዷን እንደያዘች ቦርሳዋን አንሥታ ትወጣለች፤ እናቷም በር ድረስ ትሸኛታለች።