ቀዩ ሳጥን ስንት ብር ነው?

«አዳማ ላይ ጂ+4 ሕንፃ እያስገነባን ነው። አማካሪያችን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ የስጋት ሰንጠረዥ ሠርቶ ሰጠን። ይኼ ይበቃናል? ወይስ ሌላ ገንዘብ ከፍለን በቁጥር የሚሠራውን ትንተና እናሠራ?»

በሰንጠረዡ ምን ልትወስኑበት ነው? መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። የትኛውን ስጋት አስቀድመን እንያዝ፣ ማንስ ይከታተለው የምትሉ ከሆነ ይበቃችኋል፤ ሳንቲም አትጨምሩ። ምን ያህል መጠባበቂያ እንያዝ፣ ምረቃውን ለየትኛው ቀን እንጥራ የምትሉ ከሆነ ግን ከሰንጠረዡ መልስ አታገኙም። አማካሪያችሁ ስላላወቀበት አይደለም። ሰንጠረዡ ለዚያ አልተሠራም።

እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ሕንፃ ባለቤት ሰንጠረዥ ሠራሁ። የእያንዳንዱን ስጋት የመከሰት ዕድል ከ1 እስከ 5፣ ጉዳቱንም ከ1 እስከ 5 ሰጥቼ አባዛሁ። ከዚያ ሁሉንም ደምሬ ከታች «ጠቅላላ የስጋት ነጥብ፦ 74» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ሰባ አራት ምን?» አሉኝ። ብር ነው? ቀን ነው? ዝም አልኩ። ምን ልበል?

እነዚያ ከ1 እስከ 5 ያሉ ቁጥሮች የደረጃ ቁጥሮች ናቸው። በሩጫ አራተኛ የወጣ ሰው ሁለተኛ ከወጣው በእጥፍ ዘገየ አይባልም፤ ከኋላው ገባ ነው የሚባለው። ደረጃን ከደረጃ ስናባዛ የሚወጣው ነገር ቁጥር ይመስላል እንጂ የሚቆጠር ነገር የለውም።

የእናንተን የመሰለ ሕንፃ ልውሰድና ላሳያችሁ። አሃዞቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የግንባታው ወጪ 60 ሚሊዮን ብር ይሁን። በመጀመሪያ «ከፍተኛ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መስማማት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ የሳይት መሐንዲሱ «ከፍተኛ» ሲል 70 በመቶ እያሰበ ነው፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ስትል 30 በመቶ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ይለያያሉ፤ ቃሉ ላይ እንጂ ነገሩ ላይ አልተስማሙም። ስለዚህ እንዲህ እንበል። የዕድል 2 ከ10 እስከ 30 በመቶ ነው፤ 5 ደግሞ ከ80 በላይ። የጉዳት 2 ከ100 ሺህ እስከ 500 ሺህ ብር ነው፤ 5 ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ።

አሁን ሁለት ስጋቶች እናስገባ። አንደኛው የክረምት ጎርፍ ነው። አዳማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዙሪያው ኮረብታዎች የሚወርደው ውኃ የተቆፈረ ጉድጓድ ካገኘ አያልፈውም። ቁፋሮው ክረምት ላይ ከዋለ የመከሰት ዕድሉ 90 በመቶ፣ ጉዳቱም 300 ሺህ ብር ይሁን። ነጥቡ 5 ጊዜ 2፣ 10 ነው። ሁለተኛው የመሠረቱ አፈር ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ ከሥር ያለው የእሳተ ገሞራ አመድና ክምችት ነው፣ በአንድ ግቢ ውስጥም ጥንካሬው ሊለያይ ይችላል። የአፈር ምርመራው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ተደርጎ ከሆነ፣ ሲቆፈር ልል አፈር ተገኝቶ የመሠረቱ ንድፍ የመቀየር ዕድሉ 20 በመቶ፣ ወጪውም 6 ሚሊዮን ብር ይሁን። ነጥቡ 2 ጊዜ 5፣ ያው 10።

ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ግን ዕድሉን ከብሩ ጋር አባዙት። ጎርፉ በአማካይ 270 ሺህ ብር ነው፤ አፈሩ 1.2 ሚሊዮን። ከአራት እጥፍ በላይ ይለያያሉ፣ ሰንጠረዡ ግን አንድ ቀለም ቀባቸው። ሉዊስ አንቶኒ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ የስጋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንን በሒሳብ አሳይቷል። ቶሎ ቶሎ የሚከሰቱት ስጋቶች ትንንሽ ሆነው፣ አልፎ አልፎ የሚመጡት ደግሞ ትልልቅ ሲሆኑ ሰንጠረዡ ዕጣ ከማውጣት ሊብስ ይችላል። ግንባታ ላይ ደግሞ አብዛኛው ስጋት እንደዚያ ነው።

ታዲያ ሰንጠረዡን እንጣለው? በፍጹም። ጎርፉን ተመልከቱት። መፍትሔው ይታወቃል፦ ቁፋሮውን ከክረምት ማሸሽ፣ ካልሆነ የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ቀዶ ፓምፕ መከራየት። ዕድሉ 60 ሆነ 90 የምታደርጉት ያው ነው። የምታደርጉትን የማይቀይር ቁጥር ለማግኘት ለምን ትከፍላላችሁ? (እንደውም 90 በመቶ የሆነ ነገር ስጋት ማለት ይከብደኛል። በጀት ውስጥ ይግባና ይረሳ።) ሃያ የሚሆኑ ስጋቶችን ይዛችሁ አንድ ጠዋት ብትቀመጡ፣ አስራ ስድስት አስራ ሰባቱ የዚህ ዓይነት ናቸው። ባለቤት ይሰየምላቸዋል፣ ርካሽ መፍትሔ ይጻፍላቸዋል፣ አለቀ። ለነሱ ሰንጠረዡ በቂ ብቻ ሳይሆን የተሻለም ነው።

የቀሩት ሦስት አራቱ ናቸው ወደ ኤክሴል የሚሄዱት። በእኛ ምሳሌ ሦስት ናቸው። አፈሩን አየነው፦ 20 በመቶ፣ 6 ሚሊዮን። ሁለተኛው የፌሮ ዋጋ ነው። ግማሽ በግማሽ ዕድል ባለበት ይቆያል፣ 30 በመቶ 3 ሚሊዮን ይጨምራል፣ 20 በመቶ ደግሞ 6 ሚሊዮን። ሦስተኛው ሊፍቱ ነው፤ በዶላር ይገዛል፣ 30 በመቶ ዕድል 2 ሚሊዮን ይጨምራል። የየራሳቸው አማካይ 1.2፣ 2.1 እና 0.6 ሚሊዮን ነው። ድምሩ 3.9 ሚሊዮን።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «መጠባበቂያችን 3.9 ሚሊዮን» ብሎ ይፈርማል። ስሕተቱ ግን አማካይ ብር የሚባል ነገር ሳይት ላይ አለመምጣቱ ነው። አፈሩ ወይ ምንም አያስወጣችሁም ወይ 6 ሚሊዮን ያስወጣችኋል፤ 1.2 ሚሊዮን የሚባል ደረሰኝ አይመጣም። መቶ ሕንፃ የሚሠራ ኩባንያ አማካዩ ይሠራለታል። እናንተ የምትሠሩት አንድ ነው።

ስለዚህ ሁኔታዎቹን መዘርዘር ነው። አፈሩ ሁለት መልክ አለው፣ ፌሮው ሦስት፣ ሊፍቱ ሁለት። ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ አስራ ሁለት ረድፍ። በየረድፉ ዕድሎቹን ታባዛላችሁ፣ ብሮቹን ትደምራላችሁ፣ ከዚያ ከትንሹ ብር ወደ ትልቁ ደርድራችሁ ዕድሉን እያጠራቀማችሁ ትወርዳላችሁ። አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ውጤቱ ይህ ነው፦ 3.9 ሚሊዮን ከያዛችሁ የሚበቃችሁ በ57 በመቶ ዕድል ነው። 6 ሚሊዮን ከያዛችሁ 82 በመቶ፣ 8 ሚሊዮን ከያዛችሁ 90። ብዙዎቻችን በልማድ የምንይዘው 10 በመቶ እዚህ 6 ሚሊዮን ነው፤ ያን ያህል መጥፎ አልነበረም ማለት ነው።

ቆይ ግን። ፌሮውና ሊፍቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም ብለን ነው ያባዛነው። ይተዋወቃሉ። ሁለቱንም የሚነዳቸው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ ፌሮ ለብቻው፣ ሊፍት ለብቻው ስጋት አልሆኑም። አብረው ነው የመጡት።

ይህንን እናስገባው። ፌሮው 6 ሚሊዮን ከጨመረ ሊፍቱም በእርግጠኝነት ይጨምራል፤ ፌሮው 3 ከጨመረ ሊፍቱ ከሦስት አንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ፌሮው ካልተነካ ሊፍቱም አይነካም። የሊፍቱ ጠቅላላ ዕድል ያው 30 በመቶ ነው፣ አማካዩም ያው 3.9 ሚሊዮን። ሰንጠረዡ ላይ አንድም ሳጥን ቀለም አይቀይርም። የ6 ሚሊዮኑ መጠባበቂያ ግን ከ82 ወደ 74 በመቶ ወረደ። ሁሉም አንድ ላይ ደርሰው 14 ሚሊዮን የሚያስወጡበት ዕድል ደግሞ ከ1.2 ወደ 4 በመቶ ወጣ። ሰንጠረዥ ስጋቶችን አንድ በአንድ ነው የሚያየው፤ ተያይዘው ሲመጡ አይታየውም። እኔ በቁጥር ወደሚሠራው እንድሄድ ከሚያደርጉኝ ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው።

ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ይህንኑ ነገር ኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ዕጣ እየጣለ ሲሠራው ነው። ለሦስት ስጋት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስጋቶቹ ሲበዙ ወይም ቀን ሲቆረጥ ነው። የመብራት መስመሩ፣ ሊፍቱና የውስጥ ማጠናቀቂያው ከምረቃው በፊት ማለቅ አለባቸው እንበል። እያንዳንዳቸው በቀኑ የመድረስ ዕድላቸው 80 በመቶ ነው። ሦስቱም የመድረሳቸው ዕድል 51 በመቶ ብቻ ነው፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙ አይሻልም። ሰንጠረዡ ላይ ሦስቱም አረንጓዴ ሆነው ሊቀመጡ ይችላሉ። ሥራዎቹ ሃምሳ ሲሆኑ፣ ከዘገየም ቅጣት ካለ፣ ያኔ ለሶፍትዌሩና ለባለሙያው ክፈሉ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። «20 በመቶ» የሚለው ከየት መጣ? ካቀረበላችሁ ሰው አፍ ብቻ ከሆነ፣ ሞንቴ ካርሎ ግምቱን ውብ ግራፍ ያደርገዋል እንጂ እውነት አያደርገውም። ቀላል መፈተኛ አለው። 20ውን 10፣ ከዚያ 30 አድርጋችሁ ደግማችሁ አስሉ። የምትወስኑት ካልተቀየረ ግምቱ ይበቃል። ከተቀየረ የሚሻለው ትንተናውን ማሳመር ሳይሆን ሁለተኛ የአፈር ምርመራ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው።

ለእናንተ ሕንፃ ሌላም መንገድ አለ። የፌሮውን ግማሽ አሁን ብትገዙ የዋጋ ጭማሪው በግማሽ ይቀንሳል። የሊፍቱን ትስስር ሳንነካ እንደገና ስናሰላው ያው 6 ሚሊዮን 90 በመቶ ይሸፍናል። ሳትገዙ 90 ለመድረስ 8 ሚሊዮን ያስፈልጋችሁ ነበር። እንግዲህ ማወዳደር ያለባችሁ በመጠባበቂያ መልክ ታስሮ የሚቀመጠውን 2 ሚሊዮን፣ ፌሮው ላይ አስቀድሞ ከሚፈሰው ገንዘብ፣ ከዝገቱ፣ ከመጋዘን ኪራዩና ከዘበኛው ደሞዝ ጋር ነው። ኪራዩንና ደሞዙን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።