ኮምፒውተር ወይስ ኮምፒዩተር?

«ትክክሉ ኮምፒውተር ነው ኮምፒዩተር? ባደባልቃቸውስ ማን ልብ ይለዋል?»

ሁለቱም ያስኬዳሉ። ከ‘ፒ’ ቀጥሎ የምንሰማውን ድምፅ አንዱ በ‘ው’ ይጽፈዋል፣ ሌላው በ‘ዩ’። የእንግሊዝኛውን ፊደል እየቆጠሩ «ይሄ ልክ፣ ያ ስህተት» የሚሉ አሉ። እኔ ለዚህ ክርክር ትዕግሥቱ የለኝም። ማደባለቁ ግን አይዋጥልኝም።

በቀደም ስለ አንድ ሥልጠና ረጅም መልእክት ደረሰኝ። ላይኛው መስመር ‘ፓስወርድ’ ይላል፣ መሃሉ ‘ፓስዎርድ’፣ ታች ሲደርስ ‘የይለፍ ቃል’። ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተጠየቅኩ መስሎኝ ቆየሁ። በኋላ ‘ፓስወርድ’ ብዬ ስፈልግ አንዱን ቦታ ብቻ አሳየኝ። ዓይናችን ‘ወ’ን እና ‘ዎ’ን አቻችሎ ያልፋል፤ ለመፈለጊያው ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው።

«ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ በፈልግና ተካ አስተካክለዋለሁ» ማለት ይቻላል። ወጥመዱ ያለው እዚያ ነው። ‘ኮምፒዩተር’ን ብትፈልጉ ‘ኮምፒዩተሩ’ እና ‘ኮምፒዩተሮች’ አይገኙም፤ ቅጥያ ሲመጣ ‘ር’ ራሷ ‘ሩ’ ወይም ‘ሮ’ ትሆናለች። ስለዚህ የመጨረሻዋን ፊደል ጣሏትና ‘ኮምፒዩተ’ን በ‘ኮምፒውተ’ ተኩ። ከፊት የሚገቡት ‘የ’ እና ‘በ’ ችግር የለባቸውም፤ ቃሉን ሳይነኩ ነው የሚለጠፉት።

ኢሜይል ላይ ሲደርስ ነገሩ ይጠማል። ‘ኢሜል’ም ‘ኢሜይል’ም ባለበት መልእክት ‘ኢሜ’ን በ‘ኢሜይ’ ብትተኩ፣ ቀድሞ ደህና የነበረው ‘ኢሜይይል’ ሆኖ ቁጭ ይላል። አድርጌው አውቃለሁ፤ ይባስ ብሎ ልኬዋለሁ። መፍትሔው ሁለት ዙር ነው፦ መጀመሪያ ‘ኢሜይ’ን ሁሉ ወደ ‘ኢሜ’ ማሳጠር፣ ከዚያ ‘ኢሜ’ን ወደ ‘ኢሜይ’ መመለስ። መልእክቱ ውስጥ ‘ኢሜጅ’ የሚል ቃል ካለ ግን እሱም ‘ኢሜይጅ’ ይሆናልና አንድ በአንድ እያዩ መተካት ይሻላል።

ከሁለቱ የቱን ልምረጥ ለሚል፣ እኔ የምመርጠው አንባቢው ስክሪኑ ላይ የሚያገኘውን ነው። የሚሞላው ፎርም ‘የይለፍ ቃል’ ካለ፣ መልእክቴም ከላይ እስከ ታች ‘የይለፍ ቃል’ ይላል። ፎርሙ እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የጻፍኩትን ይዤ እዘልቃለሁ።

የማልነካው ስም ብቻ ነው። አንድ ቻናል ራሱን ‘ኮምፕዩተር’ ብሎ ከሰየመ፣ እኔ ‘ኮምፒውተር’ ብዬ ባቃናለት አንባቢዬ ፈልጎ አያገኘውም።