እርማት፦ 245 ማለት 24/5 አይደለም

«ፒያሳ የገዛሁት የቱና ቆርቆሮ ላይ 5245 ታትሟል። 245ቱ 24/5 ነው፤ ጊዜው አልፎበታል፣ እንዳትገዙ!»

አይ ወንድሜ፣ በዚህ ዓይነት ኮድ ሦስቱ አኃዞች ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ነው የሚናገሩት። እስከ ኦገስት መጨረሻ 243 ቀን አለ፤ ሁለት ሲጨመር ሴፕቴምበር 2 ይሆናል። የፊቷ 5 ዓመቱን፣ 2025ን፣ ከወከለች ዕቃው የታሸገው በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ነው። (ከመስከረም 1 የሚቆጥሩም አይጠፉም፤ ግንቦት 5 ላይ ይጥላቸዋል። የውጭ ፋብሪካ መስከረምን ከየት ያውቃል?) እንደ 2024 ባለ 366 ቀን ዓመት ግን ያው 245 ሴፕቴምበር 1 ነው።

ደግሞም ይህ የተመረተበት ቀን እንጂ ማብቂያው አይደለም። ማብቂያውን EXP ወይም BEST BEFORE ከሚለው አጠገብ ፈልገው። ሦስቱ አኃዞች ከ366 ከበለጡ የቀን ቁጥር አይደሉም።