እርማት፦ ወለድ ስለጨመረ ብቻ ብር አይጠነክርም

«ብሔራዊ ባንክ ወለድ ከጨመረ ብር መጠንከሩ አይቀርም። የወሎ ልጆች፣ ከሳዑዲ የተላከላችሁን ሪያል አሁኑኑ መንዝሩ!»

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። ከፍ ያለ ወለድ ገንዘብ ይስባል። ግን መታየት ያለበት ከዋጋ ንረት በኋላ የሚተርፈው ነው።

ለምሳሌ ደሴ ያለች እናት ልጇ የላከላትን መንዝራ 100,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ አስቀመጠች እንበል። በዓመቱ 115,000 ይሆንላታል። ዋጋ በ20 በመቶ ከናረ ግን ዛሬ በ100,000 የምትሸምተው ጤፍና ዘይት ያኔ 120,000 ይጠይቃል። 5,000 ጎደላት። ይህን የሚያሰላ ሰው ሪያሉን ይዞ ይቆያል። ብር ፈላጊው ሲያንስ ብር ይወርዳል። ንረቱ 10 በመቶ ቢሆን ግን ታተርፍ ነበር፤ መንዛሪውም ይበዛ ነበር።

የቱርክን ነገር ተመልከት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ከ8.5 ወደ 15 በመቶ አሳደገ። ሊራ ግን በዚያው ቀን ወረደ። ንረቱ 40 በመቶ ገደማ ነበር፤ ገበያውም ከዚያ የሚበልጥ ጭማሪ ጠብቆ ነበር።

ማጣራት ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ያዝ። ባንክህ ለቁጠባ ከሚከፍልህ ወለድ ላይ ቀንሰው። የብሔራዊ ባንክን የፖሊሲ ወለድ አትውሰድ፤ እሱ ለባንኮች እንጂ ለአስቀማጭ የሚከፈል አይደለም። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ በወለዱ ዜና ብቻ ለመመንዘር የሚያስቸኩል ምክንያት የለም።